ይድረስ ለጋሼ፦ የምረቃውን ንግግር ስላለመቀበሌ

ግንቦት 19

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር፣ ለእኔ ግን ሁልጊዜም የባዮሎጂ መምህሬ ለሆኑት ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዎ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ያነበብኩት። በእጅዎ የተጻፈ መሆኑን ሳይ ደግሞ ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት። ወደ ቀኝ ዘንበል የሚለው የእጅ ጽሑፍዎ አንድም አልተለወጠም። በደብተሬ ጠርዝ ላይ «ደግመሽ አስቢበት» እያሉ የሚጽፉልኝ ትዝ አለኝ።

መልሴን አላንዛዛውም። ሰኔ 28 በምረቃው ላይ ንግግር ማድረግ አልችልም። «እስቲ እናያለን» ወይም «እሞክራለሁ» ብዬ እንዳላቆይዎ ብዬ ነው ገና ከአሁኑ የምጽፍልዎት። ከ84 ተመራቂዎችና ከወላጆቻቸው ፊት እንድቆም እኔን ማሰብዎ ግን በጣም ነክቶኛል። ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የኮራችው።

ምክንያቱን በግልጽ ልንገርዎት። በዚያ ቀን ተረኛ ነኝ። በማዋለጃ ክፍላችን ለቅዳሜና እሁድ ልምድ ያላቸው ሁለት አዋላጆች ይመደባሉ። አንዷ ራሷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። የቀረነው እኔና አምና ተመርቀው የገቡ ሁለት ልጆች ነን። ጎበዞች ናቸው፤ ግን ገና ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ የሚቀይረኝ ሰው ስፈልግ ነበር። አንዷ ፈተና አለባት። አንዱ አባቱን ያስታምማል። ሦስተኛዋ ባለፈው ወር ሁለት አዳር ሸፍናልኛለች፤ እሷን ደግሜ ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

አለቃዬን አጥብቄ ብለምናት ትፈቅድልኝ እንደነበር አውቃለሁ። አልለመንኳትም። ከወሊድ በኋላ ማህፀኗ አልኮማተር ያላት እናት በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ልታጣ ትችላለች። ያኔ አንድ ሰው ማህፀኗን ያሻል፣ አንድ ሰው መድኃኒት ይሰጣል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሐኪም ይጠራል። «አሁን እንጀምር» የሚል፣ ከዚህ በፊት ያየው ሰው እዚያ መኖር አለበት። እነዚያን ሁለት ልጆች ለዚህ ብቻቸውን ትቼ አዳራሽ ውስጥ ስለ ኃላፊነት ባወራ ቃሉ ከአፌ አይወጣም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እርስዎ ስለሆኑ ነው የምነግርዎት። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የሰፈር ዝግጅት ላይ እንድናገር ተጠየቅኩ። ለሴት ልጆች የተዘጋጀ ነበር። እምቢ ማለት ከበደኝ። የዚያን ሳምንት የተረኝነት ሰንጠረዥ ሳላይ «እሺ» አልኩ። ቀኑ ሲደርስ የሚቀይረኝ አጣሁ። የደወልኩት ዝግጅቱ ሊጀመር 40 ደቂቃ ሲቀረው ነው። አዘጋጆቹ አልተቆጡኝም። «ችግር የለም» አሉኝ።

ችግር እንደነበር ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እኔን ለታዳሚው እንድታስተዋውቅ ተመድባ ኖሯል። ወረቀቱን ሰጡኝ። ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ነው። ከባድ ከባዶቹን ቃላት በክፍለ ቃል ከፋፍላ ጽፋቸዋለች፤ «አዋ–ላጅ» የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራለች። ስታነብ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች። ያን ወረቀት ሳታነበው ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች እንጂ አንድም ቃል አልተናገረችም።

የእርስዎም ተማሪዎች መድረኩን የሚመሩት ራሳቸው እንደሆኑ ጽፈውልኛል። ይኸኔ አንዱ ስለ እኔ የሚያነብበትን ወረቀት ማዘጋጀት ጀምሮ ይሆናል። ከጀመረ እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሩት። በመግቢያው ላይ እኔን ሳይሆን የሚቀጥለውን ሰው ያስተዋውቅ።

ስለሚቀጥለው ሰው ሐሳብ አለኝ። ካልተስማማዎት ይተዉት። የቤተ ሙከራዋ እትዬ ለምን አይናገሩም? እኔ 9ኛ ክፍል ስገባ እዚያ ነበሩ፤ ዛሬም እዚያው እንዳሉ የታናሽ እህቴ ልጅ ነግራኛለች። የእያንዳንዱን ጠርሙስ ስም በእጃቸው የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። የምሳ ሰዓታቸውን ትተው በር የሚከፍቱልን እሳቸው ነበሩ። ማይክሮስኮፑን ሰብሬ ሳለቅስ የተሰነጠቀውን ስላይድ አውጥተው፣ ሌንሱን በጨርቅ ጠርገው፣ «ሌንሱ ደህና ነው፤ በይ ቀጥይ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ከተመራቂዎቹ ውስጥ ስማቸውን የማያውቅ የለም። እኔን ግን አንዳቸውም አያውቁኝም።

በእኔ እምነት ተማሪ በዚያ ቀን ይበልጥ የሚሰማው የሚያውቀውን ሰው ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ስለ ራሱ መንገድ ያወራል። አራት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ግን ስለ እነሱ ያወራል። ማን ፈርቶ እንደገባ፣ ማን የመጀመሪያ ሙከራውን አበላሽቶ ከክፍል ሁሉ ኋላ እንደቀረና ደግሞ እንደሠራው ያውቃል።

«እኔ ንግግር አልችልም» ይሉዎታል። እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ ይበሏቸው፤ ሦስትም ከበቃቸው ሦስት ይሁን። ደብዳቤዎ ላይ ለዋናው ተናጋሪ 25 ደቂቃ ተይዟል ይላል። በዛ፣ ጋሼ። በ1863 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ጌቲስበርግ በተደረገው የወታደሮች መካነ መቃብር ምረቃ ላይ ዋናው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከእሱ ቀጥሎ የተነሳው ፕሬዚዳንት ሊንከን የወሰደው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ኤቨረት ራሱ በማግስቱ ለሊንከን ጻፈለት። «እርስዎ በሁለት ደቂቃ ወደ ቀኑ ዋና ሐሳብ የቀረቡትን ያህል እኔ በሁለት ሰዓት ቀርቤ ከሆነ ደስ ይለኛል» አለው። ይህን ለእትዬ ይንገሯቸው። ልባቸው ሞላ እንደሚል አምናለሁ። ለተናጋሪ የታሰበ ስጦታም ካለ ለእሳቸው ይሁን።

በስልክ ቪዲዮ ቀርጬ እንድልክ የሚል ሐሳብ ከኮሚቴው ሊነሳ ይችላል። እሱንም አልልክም። ልጆቹ ጋውን ለብሰው፣ ወላጆቻቸው ከኋላ ተቀምጠው፣ ግድግዳ ላይ የእኔን ፊት ከሚያዩ ያንን ሰዓት ስማቸው ሲጠራ ለማጨብጨብ ቢያውሉት ይሻላል።

በዚህ ፈንታ ማድረግ የምችለው ነገር አለ። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የማቀርብልዎት። ትምህርት ሲጀመር፣ በጥቅምት ወር፣ በአንድ የሥራ ቀን ወደ ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ልምጣ። የጥቅምት ሰንጠረዥ ሳይወጣ ቀኑን ከነገሩኝ አስቀድሜ አስይዘዋለሁ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃኛል። አዳራሽ አያስፈልገኝም፤ ማይክም ይቅር። 20 ወይም 30 ልጅ፣ አንድ ጠረጴዛና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ካለ በቂ ነው።

ለሥልጠና የምንጠቀምበትን የጨቅላ አሻንጉሊት ይዤ እመጣለሁ። ሕፃን ተወልዶ ሳይተነፍስ ሲቀር የመጀመሪያዋን ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» እንላታለን። እናደርቀዋለን፣ እናሞቀዋለን፣ ጀርባውን እናሻለን። ካልተነፈሰ ደቂቃዋ ሳታልቅ በማስክ አየር መስጠት እንጀምራለን። ልጆቹ በእጃቸው ይሞክሩት። ማስኩ በደንብ ካልተገጠመ የአሻንጉሊቱ ደረት አይነሳም፤ ሲስተካከል ደግሞ ከፍ ዝቅ ሲል ያዩታል። ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አዲስ ሠራተኞችን ሳሠለጥን ሁሌም ይህንኑ አያለሁ።

ከዚያ ገና የተወለደ ሕፃን ያለበትን ሁኔታ ስለምንመዝንበት፣ አፕጋር ስለምንለው ነጥብ አወራቸዋለሁ። ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባል የማደንዘዣ ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ፣ የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2፣ በድምሩ ከ10። በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ እንሞላዋለን። 6 ያየ አዋላጅ 6 ይጻፍ። እናትየው ፊቴን እያየች ነው፣ 9 ብጽፍ ደስ ይላታል ማለት የለም።

ይህን ከማን እንደተማርኩ ያውቃሉ? ስለ ሜንዴል ያስተማሩን ቀን ሁለት ከረጢት ይዘው መጡ፤ በየከረጢቱ ቢጫና አረንጓዴ ዶቃ እኩል አለ። ከየከረጢቱ አንድ አንድ እያወጣን፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ቢጫ ከሆነ «ቢጫ»፣ ሁለቱም አረንጓዴ ከሆኑ «አረንጓዴ» እያልን መቶ ጊዜ እንድንመዘግብ አዘዙን። ቢጫው 75፣ አረንጓዴው 25 አካባቢ መሆን እንዳለበት አስቀድመን አንብበናል። ከክፍሉ ግማሹ ልክ 75 እና 25 ጽፎ መጣ። እኔ 71 እና 29 ነበር ያገኘሁት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ወረቀቴን ከሌሎቹ ሥር ደብቄ ሰጠሁዎት። እርስዎ ከመሃል አውጥተው ለክፍሉ ከፍ አድርገው አሳዩት። «ይህች ልጅ ቆጥራለች» አሉ።

ጥቅምት ላይ ያንን የዶቃ ከረጢት ካለዎት ከቁም ሣጥኑ ያውጡልኝ። ከአፕጋሩ በፊት እሱን ማሠራት እፈልጋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ምረቃ ላይ በእርግጠኝነት እገኛለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ሰንጠረዣችን የሚወጣው ከወር በፊት ነው፤ አሁን የምናገረው ሁሉ ግምት ነው የሚሆነው። የጥቅምቱ ግን የእኔ ቃል ነው። ቀኑን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።

የፕሮግራሙ ወረቀት ሰኔ 10 ማተሚያ ቤት እንደሚገባ ጽፈዋል። ከዚያ በፊት ስሜ እንዲወጣ አደራ። ከፊት ረድፍ የተያዘልኝን ወንበርም ለእትዬ ቤተሰብ ይስጡልኝ። ምናልባት ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው መድረክ ላይ ሲያዩዋቸው ደስ ይላቸዋል።

ለመምህራኑ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለ84ቱም እንኳን ደስ ያላችሁ ይበሉልኝ፤ ይህን እንኳ እርስዎ ከአፍዎ ይበሉልኝ እንጂ ከወረቀት አይነበብ።

በታላቅ አክብሮትና ፍቅር፣

የቀድሞ ተማሪዎ፣
ከ12ኛ «ለ»፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ የነበረችው