የአምስቱ ማዕዘናት ፈተና፦ «ለምን?» የሚል

ቡሬ፣ የእሁድ ጠዋት መድረሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጆች። አምስቱን የኢስላም ማዕዘናት በጣታችሁ እየቆጠራችሁ እንደምትጠሩልኝ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጅ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጠራችልኝ። «ዘካና ሰደቃ በምን ይለያሉ?» ስላት ግን ዝም አለች። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሽምደዳ የለም። ለመልሱ 1፣ ለምክንያቱ 3 ነጥብ ይያዛል። ዘካው ሁለት ጥያቄ ስላለው 8 ነጥብ አለው።

1. ሸሃዳ፦ አንድ ሰው «አላህ መኖሩን አምናለሁ፣ ይበቃል» አለ። ሸሃዳችን ግን «ላ ኢላሀ» ብሎ በ«የለም» ይጀምራል። ይህ «የለም» ቢቀር ምን ይጎድላል?

2. ሶላት፦ ጀማል ከቡሬ አዲስ አበባ ሲጓዝ መንገድ ላይ ዙህርን 2 ረከዓ፣ መግሪብንም 2 ረከዓ ሰገደ። የቱ ላይ ተሳሳተ? ለመንገደኛ ሶላት ያጥራል እንጂ አይቀርም፤ ይህስ ምን ያስተምራችኋል?

3. ዘካ፦ ሀ) ከድር ዝናብ ጠብቆ 10 ኩንታል ስንዴ አገኘ። ጎረቤቱ ሰይድ ነዳጅ እየገዛ፣ በሞተር ከወንዝ ውኃ እየሳበ እሱም 10 ኩንታል አገኘ። እያንዳንዳቸው ስንት ያወጣሉ? ለምን እኩል አልሆነም?
ለ) ከድር «እናቴ ድሃ ናት፣ ዘካዬን ለሷ ልስጥ» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

4. ጾም፦ ሰሚራ እረስታ ከቧንቧ ውኃ ጠጣች። ጓደኛዋ «ጾምሽ ፈርሷል፣ በቃ ብይ» አለቻት። ጓደኛዋ ምንም አልቀመሰችም፤ ግን ሰው ስታማ ነው የዋለችው። ለሁለቱም ምን ትላላችሁ?

5. ሐጅ፦ አንድ አባወራ ያለውን አንድ ጥማድ በሬ ሸጦ፣ ለልጆቹ ቀለብ ሳያስቀር ሐጅ ሊሄድ ነው። ሐጅ ግዴታው ሆኗል?

ለአራሚ ኡስታዞች

ሸሃዳ ላይ፣ «ከአላህ ሌላ የሚመለክን ሁሉ መካድ ይቀራል» የሚል ሐሳብ በራሳቸው ቃል ከመጣ ሙሉ ስጡ።

ጀማል የተሳሳተው መግሪብ ላይ ነው። የሚያጥሩት ባለ 4 ረከዓዎቹ ዙህር፣ ዐስርና ኢሻ ናቸው።

ከድር አንድ አሥረኛውን፣ 1 ኩንታል ያወጣል። ሰይድ ግማሽ ኩንታል፤ ውኃውን በወጪ ስላመጣ ሸሪዓው አቀለለለት። አንድ ልጅ «ሰይድ ሞተር ስላለው ሀብታም ነው፣ ብዙ ያውጣ» ቢል መልሱ ልክ አይደለም፤ ግን ስለ ፍትሕ አስቧልና ከምክንያቱ 1 ነጥብ ስጡት፣ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁም አስረዱት። የ«ለ» መልስ አይቻልም ነው። እናቱን መጦር ቀድሞም ግዴታው ነው፤ ዘካውን ለሷ ቢሰጥ ከራሱ ወጪ እንደቀነሰ ይቆጠራል።

ሰሚራ ጾሟን ትቀጥል፣ ቀዷም የለባትም። የጓደኛዋ ጾም ባይፈርስም ምንዳው ይጎድላል።

አባወራው ግዴታ የለበትም። «የቻለ» ማለት ደርሶ እስኪመለስ ቤተሰቡ የሚበላው ያለው ማለትም ነው። «የቲኬት ገንዘብ ካለው ይሂድ» ብቻ ያለ ልጅ የምክንያቱን ነጥብ አያገኝም።