የክፍያ ማሳወቂያ፦ ብር 409,438.00 ለአምስት ደረሰኞች (ግንቦት 14 ቀን 2017፣ FT25142K7QD9)

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሂሩት፣ እንደምን ሰነበቱ?

ዛሬ ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ብር 409,438.00 (አራት መቶ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት) ወደ ሂሳባችሁ አስገብተናል። ገንዘቡ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳባችን ወጥቶ የገባው እዚያው ንግድ ባንክ ባለው፣ መጨረሻው 4418 በሆነው ሂሳባችሁ ነው። የባንኩ ቁጥር FT25142K7QD9 ነው። ጠዋት በቴሌግራም የላክንልዎት አጭር መልዕክት ላይ ጠቅላላ ድምሩ ብቻ ስላለ፣ ለመዝገብ የሚያገለግለው ይህ ኢሜይል ይሁንልን።

ክፍያው የሚሸፍነው ከዚህ በታች ያሉትን አምስት ደረሰኞች ብቻ ነው። ቁጥሮቹ በተከታታይ አይደሉም። መሀል ላይ ያለው 004927 አልተከፈለም። ስለዚህ እባክዎ ሲስተሙ በራሱ ከአሮጌው ጀምሮ እንዲያወራርድ አይተዉት። በየደረሰኙ ለይታችሁ አወራርዱልን።

ደረሰኝ 004871፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017
ኤ4 ወረቀት 80 ግራም፣ 60 ካርቶን። ከቫት በፊት 180,000.00፣ ቫት 27,000.00፣ ድምር 207,000.00። ዊዝሆልዲንግ 3,600.00። የተከፈለ ብር 203,400.00። ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

ደረሰኝ 004902፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017
የኦፍሴት ፕሌት፣ 120 ፍሬ። ከቫት በፊት 54,000.00፣ ቫት 8,100.00፣ ድምር 62,100.00። ዊዝሆልዲንግ 1,080.00። የተከፈለ ብር 61,020.00። ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

ደረሰኝ 004915፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017
አርት ፔፐር 150 ግራም፣ 40 ሪም። ደረሰኙ ላይ ያለው ከቫት በፊት 112,000.00፣ ከቫት ጋር 128,800.00 ነው። የከፈልነው ግን ያነሰ ስለሆነ ምክንያቱን ልግለጽልዎ። በዕለቱ ዝናብ ነበር፤ መኪናው ላይ ከታች የተጫኑት ሦስት ሪሞች ጠርዛቸው ውሃ ጠጥቶ ነው የደረሱት። አርት ፔፐር ውሃ ከነካው ሉሆቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ማሽን ላይ አይሄድም። ሹፌራችሁም አይቶ ማስረከቢያው ላይ ፈርሞበታል፤ ሦስቱን ሪም ይዞ ተመልሷል። እናንተም ሳትዘገዩ ክሬዲት ኖት ቁጥር 0063 ልካችሁልናል፤ ለዚህ በጣም እናመሰግናለን። የክሬዲት ኖቱ ዋጋ 8,400.00፣ ቫቱ 1,260.00፣ በድምሩ 9,660.00 ነው። እሱ ሲቀነስ ከቫት በፊት ያለው 103,600.00፣ ከቫት ጋር 119,140.00 ይሆናል። ዊዝሆልዲንጉን ያሰላነው ከተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው፤ 2,072.00። የተከፈለ ብር 117,068.00። ከክሬዲት ኖቱ ጋር ሲወራረድ ቀሪ የለውም።

ደረሰኝ 004933፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017
ጥቁር የኦፍሴት ቀለም፣ 20 ኪሎ። ከቫት በፊት 17,000.00፣ ቫት 2,550.00፣ ድምር 19,550.00። ዊዝሆልዲንግ 340.00። የተከፈለ ብር 19,210.00። ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

ደረሰኝ 004940፣ ግንቦት 4 ቀን 2017
የማሽን ማጠቢያ ፈሳሽ። ከቫት በፊት 7,600.00፣ ቫት 1,140.00፣ ድምር 8,740.00። ዋጋው ከ10,000 ብር በታች ስለሆነ ዊዝሆልዲንግ አልቆረጥንበትም። የተከፈለ ብር 8,740.00። ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል።

ድምሩን ለማመሳከር እንዲመችዎ፦ የአምስቱ ደረሰኞች ዋጋ ከነቫቱ፣ ክሬዲት ኖቱ ተቀንሶ፣ 416,530.00 ነው። ከዚህ ላይ ዊዝሆልዲንግ 7,092.00 ተቀነሰ። ባንክ የገባው 409,438.00 ሆነ።

ዊዝሆልዲንጉ ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ ነው። ደረሰኞቹ ከ0231 እስከ 0234 ያሉት አራቱ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የየትኛው ሽያጭ ደረሰኝ እንደሆነ ተጽፏል። ስካናቸው ከዚህ ኢሜይል ጋር ተያይዟል። ዋናዎቹን ነገ ዓርብ ጠዋት ተላላኪያችን መርካቶ ሱቃችሁ ድረስ ያመጣል። ግብር ስታሳውቁ የሚያዝላችሁ በእነዚህ ስለሆነ ፈርመው ይረከቡት። 7,092.00 ብሩ የእናንተው ግብር ነው፤ ከእኛ ላይ ያልተከፈለ ቀሪ ተደርጎ እንዳይያዝብን።

አሁን ወዳልተከፈለው ልምጣ። ደረሰኝ 004927፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017፣ ኤ4 ወረቀት 40 ካርቶን፣ ከነቫቱ 138,000.00 ነው። መጋዘናችን የገባው ግን 36 ካርቶን ነው። አቶ ታደሰ መኪናው ገና ሳይወጣ ከሹፌሩ ጋር ሁለት ጊዜ ቆጥረውታል፤ ማስረከቢያው ላይም «36 ተረክቤያለሁ» ብለው ጽፈው ሁለቱም ፈርመዋል። ይህን ማስረከቢያ አያይዣለሁ። የአራቱ ካርቶን ዋጋ ከነቫቱ 13,800.00 ነው።

ከሁለት አንዱን ብታደርጉልን እንከፍላለን። አራቱን ካርቶን ከላካችሁልን ደረሰኙን እንዳለ እንከፍላለን። ካልሆነም የ13,800.00 ክሬዲት ኖት ላኩልን፤ ያኔ የምንከፍለው ከ124,200.00 ላይ ዊዝሆልዲንግ 2,160.00 ተቀንሶ 122,040.00 ይሆናል። እኛ የምንመርጠው ወረቀቱን ነው። የትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት እየታተመ ስለሆነ አራት ካርቶንም ብትሆን ታስፈልገናለች። ካርቶኑ ወይም ክሬዲት ኖቱ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 19 ከደረሰን ገንዘቡ በዚያው ሳምንት ይወጣል።

ሌላም አንድ ነገር አለ። በሚያዝያ መጨረሻ የላካችሁልን ስቴትመንት ላይ ደረሰኝ 004788 (95,680.00) እስካሁን ክፍት ነው። እዚያው ስቴትመንት ላይ ደግሞ ከየት እንደሆነ ሳይለይ የተቀመጠ የ94,016.00 ብር ክፍያ አለ። ያ ክፍያ መጋቢት 18 ቀን 2017 በ FT25086R3XB1 የላክነው፣ የ004788 ክፍያ ነው። ልዩነቱ 1,664.00 ብር የዊዝሆልዲንግ ነው፤ ደረሰኙ ቁጥር 0209 ሲሆን ያኔ ተልኮ በእናንተ በኩል ተፈርሞበታል፤ ቅጂውን ዛሬም አያይዣለሁ። ሁለቱን አገናኝታችሁ ብትዘጉት መዝገባችን ይገጥማል። ስቴትመንቱ 004788ን ክፍት እያሳየ የዱቤ ጣሪያችንን ስለሚያጣብብ፣ ባለፈው ሳምንት ያዘዝነው ቀለም በዚሁ ምክንያት ቆሞብናል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምጠይቅዎት።

ይህ ሁሉ ከተወራረደ በኋላ በእኛ ስም ክፍት ሆኖ የሚቀረው 004927 ብቻ ነው። የእናንተ መዝገብ ሌላ ደረሰኝ ካሳየ ቁጥሩን ብቻ ይላኩልኝ፤ በዚያው ቀን አጣርቼ መልስ እሰጥዎታለሁ። ገንዘቡ መግባቱንና በየደረሰኙ መወራረዱን የሚያሳይ አዲስ ስቴትመንት እስከ ሰኞ ቢልኩልኝ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ቤዛ
የተከፋይ ሂሳብ ባለሙያ፣ ማተሚያ ቤት፣ አራት ኪሎ

ግልባጭ፦ ለሂሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ለመጋዘን (አቶ ታደሰ)

አባሪ፦ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች ከ0231 እስከ 0234 እና 0209፤ ክሬዲት ኖት 0063፤ የ004915 እና የ004927 የተፈረመባቸው ማስረከቢያዎች