ሳባ፣ የእኔን ነገር ለሰው መንገር ይቅርብሽ

ሰላም ሳባ፣

እንዴት ነሽ? ልጅሽስ ደህና ነው? ልደውልልሽ አስቤ ነበር። በስልክ ከሆነ ግን ወይ እኔ አለቅሳለሁ፣ ወይ አንቺ ትቆጫለሽ፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። የእኔን የግል ጉዳይ ለጓደኞቻችን ማውራት አቁሚልኝ።

የቱን እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም። ቢሆንም በግልጽ ልናገረው። ክርስትናው ላይ፣ ሽማግሌ ተልኮ ካለቀ በኋላ ሰርጌ ለምን እንደቀረ ምሳ ላይ አንስተሽዋል። እኔ አልነበርኩም። በማግስቱ ሰዎች እየደወሉ «አይዞሽ» ሲሉኝ ዋሉ። ለምን እንደሚያጽናኑኝ እንኳ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ደግሞ የወንድሜ ነገር መጣ። የእቁባችን ሰብሳቢ ለብቻዬ ጠርታ «እጣሽ ሲወጣ ዋስ ማን ይሆንሻል? ወንድምሽ ቤቲንግ ላይ ነው አሉ» አለችኝ። እቁቡ ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ሳምንት አሳልፌ አላውቅም። ያን ቀን የተሰማኝን እንዴት ልንገርሽ። ለእኔ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ወንድሜ ግን ያንን ነገር ከተወ ቆይቷል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሹፌር ነው። አሁን ቤት ሰው ሲመጣ ጓዳ መግባት ጀምሯል። ሳባ፣ አንቺ እኮ «ወንድሜ» ነበር የምትዪው።

ይህን ከእናቴ ሌላ የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። ጎሮ አንቺ ቤት፣ ቁጭ ብለን ባደርንባት ሌሊት። ስለዚህ ማን ነገረሽ ብለሽ ሰው አትጠይቂ። የነገሩኝን ሰዎች እንድትቀየሚብኝ አልፈልግም፤ በክፋትም አልነገሩኝም።

«የተናገርኩት እውነት ነው» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ አብዛኛው እውነት ነው። ያመመኝም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን አስተባብዬ እገላገል ነበር። እውነቱን ግን እኔ ለፈለግኩት ሰው፣ በፈለግኩት ጊዜ ልናገረው ይገባኛል። ደግሞ መንገድ ላይ የተጨመረበትም አለ። ቀለበቱን አልመለሰችም እየተባለ ነው። ቀለበቱን እናቴ በእጇ ለሽማግሌዎቹ አስረክባለች። ይህን አንቺ ነሽ የጨመርሽው አላልኩም። ወሬው ባይጀመር ግን የሚጨመርበት ነገር አይኖርም ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሰርጌ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ እናቴም ህመም ለማንም አታውሪ። ሰው ከጠየቀሽ «እሷን ጠይቋት» በይና ወሬ ቀይሪ። ለእቁቡ ሰብሳቢም የወንድሜ ነገር የድሮ መሆኑን ራስሽ ንገሪልኝ። እኔ ብነግራት ወንድሟን ልትሸፍን ነው ትላለች፤ ካንቺ ከሰማችው ግን ታምናለች።

እኔና አንቺ ስለተጣላንበት ለቅርብ ሰውሽ ብታወሪ አልከለክልሽም። እሱ የአንቺም ታሪክ ነው። እኔ እንደከፋኝ አንቺም ከፍቶሽ ይሆናል፤ ሰው ደግሞ መተንፈስ አለበት። ጓደኞቻችን ከእኔ ጋር ወይም ካንቺ ጋር ብለው እንዲከፈሉም አልፈልግም። አንቺ ያለሽበት ቤት ከጠሩኝ እሄዳለሁ፣ እኔ ያለሁበት ከጠሩሽ ነይ።

አንቺ የነገርሽኝም እኔ ጋ አለ። የመጀመሪያ ሥራሽን የለቀቅሽበት ምክንያት፣ የአባትሽ ጉዳይ፣ ሁሉም። ይህን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም። ብንኳረፍም፣ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ብትናደጂብኝም ከእኔ አፍ አይወጣም። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

ካላቆምሽ ግን ዝም ብዬ አልቀመጥም። ሁላችንም ባለንበት፣ አንቺም እየሰማሽ እናገራለሁ። ከጀርባሽ ግን ምንም አልልም። እዚያ ሳንደርስ እዚሁ እንዲያልቅ ነው ምኞቴ።

እሁድ እቁብ ላይ እንገናኛለን። እኔ ሰላም እልሻለሁ፣ አንቺም ሰላም በይኝ። እዚያ ይህን ነገር አናነሳውም። ረጅም መልስ መጻፍ አይጠበቅብሽም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩሽም። ከእሁድ በፊት «እሺ» ብለሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ይበቃኛል።

ህይወት