ጎንደር ላይ የተሞከረው የምዝገባ ሂደት፦ ከመለቀቁ በፊት መታረም ያለበት

ለንድፍና ለልማት ክፍል ባልደረቦች፣

የሙከራውን መተግበሪያ ይዤ ባለፈው ቅዳሜ አራዳ ገበያ ውስጥ ስድስት ሰዎችን አስመዝግቤያለሁ። ያለ እርዳታ የጨረሱት ሁለት ናቸው። አራቱ መሃል ላይ ሲቸገሩ ስልኩን ለጎረቤት ነጋዴ ወይም ለልጃቸው ሰጡ። እኔን ያሳሰበኝ መዘግየቱ አይደለም፤ ስልኩን አሳልፎ የሰጠ ሰው የሚስጥር ቁጥሩንም በሌላ እጅ ያስሞላል።

ዋናው ጥፋት ገጽ 3 እና ገጽ 5 ላይ ነው። በአጭር መልእክት የሚላከውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥርም፣ ደንበኛው ራሱ የሚመርጠውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥርም «የማረጋገጫ ቁጥር» ብለናቸዋል። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ገጽ 5 ሲደርሱ «ቅድም ሞልቼው የለም እንዴ?» አሉና ያንኑ የመልእክት ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። ሳጥኑ አራት አሃዝ ላይ ሲሞላ ገጹ ራሱ አለፈ፤ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክትም ወጣ። የሚስጥር ቁጥራቸው የመልእክት ሳጥናቸው ውስጥ ተጽፎ ቀረ ማለት ነው። ገጽ 3 «በመልእክት የደረሰዎት ቁጥር»፣ ገጽ 5 «ለራስዎ የሚስጥር ቁጥር ይምረጡ» ይባል። የመልእክቱን ቁጥር ክፋይ መተግበሪያው አይቀበል።

«የቤተሰብ ስም» የሚለውን ማን እንዳስገባው አላውቅም። አንድ የባጃጅ ሹፌር የልጁን ስም ጻፈበት፤ ቤተሰቡ ማን ሆነና! ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ሦስት ሳጥን እናድርግ።

የልደት ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ነው፣ ይህም አልተጻፈበትም። በ1978 የተወለደ ሰው 1978 ብሎ ሲሞላ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፤ መረጃውም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። በጳጉሜን የተወለደማ ወሩን ጭራሽ አያገኘውም። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀድሞ ይምጣ፣ ልወጣውን ማሽኑ ይሥራ።

ወደ አዝራሮቹ ስመጣ፣ ገጽ 2 ላይ «ቀጥል» የሚለው ከገጹ ግርጌ ስለሆነ የፊደል ሰሌዳው ሲከፈት ይሸፈናል። ሦስት ሰዎች ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው ቆመዋል። «ሰርዝ» ደግሞ በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ በዚያው መጠንና ቀለም ተቀምጧል። አንድ ወጣት ነክቶት የሞላው ሁሉ ጠፋ፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። «ቀጥል» ከመጨረሻው ሳጥን ሥር ይምጣ፣ «ሰርዝ» አነስ ብሎ ወደ ላይኛው ጥግ ይሂድ። መቼም «ቀጥል» ራሱ «ይቀጥሉ»፣ «ሰርዝ»ም «ይሰርዙ» ቢሆን ይሻላል፤ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ በአክብሮት ሲናገር እነርሱ ብቻ ያዛሉ።

የስያሜዎቹን እርማት እስከ ዓርብ ከላካችሁልኝ ቅዳሜ ገበያ ይዤው እወርዳለሁ። መጀመሪያ የማስሞክረው በርበሬ ሻጯ እናት ጋ ነው።