የሳምንት ምግብ ዕቅድ፦ ልጅ ታቅፋ በአንድ እጇ ለምትበላ እናት

ይህን ዕቅድ ያወጣነው የነገርሽንን ይዘን ነው። ልጁ 9 ሳምንቱ ነው፣ ከጡት ሌላ አይወስድም። ባለቤትሽ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ማታ ይገባል፤ አማትሽ የሚመጡት ቅዳሜ ብቻ ነው። ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራትም እንደ ልቡ ነው። በአራስነትሽ ገንፎና አጥሚት የሚያቀርብልሽ ሰው አልጠፋም ነበር፤ አሁን ግን ምሳሽ ብዙ ቀን 10 ሰዓት ላይ ቆመሽ የምትጎርሽው ደረቅ እንጀራ ሆኗል። ቤት ውስጥ የሚበላ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያዘጋጅ እጅ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንጨርስ። በጡት ብቻ የሚያድግ ልጅ በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ይጠባል። ለዚህ ከእርግዝና በፊት ትበዪው ከነበረው በላይ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያስፈልግሻል። ሲሰማ ይበዛል እንጂ አንድ ብርጭቆ በሶ በማር (ወደ 280)፣ አንድ እፍኝ ለውዝ (ወደ 170) እና አንድ ሙዝ (ወደ 100) ይሸፍኑታል። ቅቤ ላይ ብቻ መተማመን አይሠራም፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል፣ ፕሮቲንና ብረት ግን የለውም።

ቅዳሜ፣ አማትሽ ልጁን ሲይዙልሽ

ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከሁሉ በፊት ቁሌቱን ጣጂ፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚያግዝሽ እሱ ነው። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ከትፈሽ፣ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ መካከለኛ እሳት ላይ አቁላዪው። ውሃው መጥጦ ሽንኩርቱ ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር አንድ ኩባያ ዘይት፣ ከዚያ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪ። ከዚያም ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ እየጨመርሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ይብሰል። ሽንኩርቱ ሳይመጥ ዘይት ከገባ ወጡ ሁልጊዜ ጥሬ ሽንኩርት ይላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ሲቀዘቅዝ አንድ አንድ ጭልፋ እያደረግሽ በትናንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። በትልቅ ዕቃ አታድርጊው፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰሽ እንዳታቀዘቅዢ ነው።

ቁሌቱ ሲበስል በሌላው ምድጃ ላይ 8 እንቁላል ቀቅዪ፤ ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ቀቅለሽ፣ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ፣ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። ቅንጬም የሁለት ቀን ብቻ ሥሪ፤ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ተምርና ምጥን ሽሮ ባለቤትሽ ከመርካቶ ይግዛ። እንጀራውም የሱቅ ይሁን፤ በዚህ ወቅት ምጣድ ፊት መቆም አይጠበቅብሽም።

ቀኑ እንዲህ ይሂድ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት፦ አልጋሽ አጠገብ ውሃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስና 5 ተምር ይደሩ። ሌሊት የሚያጠባ ሰው ሳይጠጣ ያድራል፣ ጠዋት የሚነሳውም ራስ ምታት ይዞ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት፦ ባለቤትሽ ሳይወጣ ቅንጬውን በአንድ ማንኪያ ቅቤ ያሙቅልሽ፤ ሁለት እንቁላልና አንድ ኩባያ የፈላ ወተት ጨምሪበት። ፔርሙስ ውስጥ አጥሚት ሞልቶልሽ ይውጣ።

4 ሰዓት፦ በሶ። ማሩን በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አሟሚ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከቀሪው ውሃ ጋር አድርጊ፣ በመጨረሻ ግማሽ ኩባያ በሶ ጨምረሽ በጥብጪ። ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ታች ተጣብቆ ይቀራል። ማሩ ለአንቺ ነው፤ ልጁ ዓመት ሳይሞላው በጣት እንኳ አይቅመስ፣ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖረው ይችላልና። ቅቤም ውሃም እስከ 6 ወር አይሰጠውም፣ ማንም ጎረቤት ቢመክርሽ።

ቀን 7 ሰዓት፦ ሽሮ። አንድ ጭልፋ ቁሌት፣ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ ሲፈላ 5 የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ያልበሰለ ሽሮ ሆድ ይነፋል። እንጀራውን አስቀድመሽ ፈትፍተሽ ሳህን ላይ አድርጊ፤ ፍትፍት በማንኪያ፣ በአንድ እጅ ይበላል። ጎን ለጎን ቲማቲም ወይም ግማሽ ብርቱካን ብዪ፣ የሽሮውን ብረት ሰውነትሽ እንዲወስደው ይረዳል። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ እሳት ላይ ሲቆይ አዮዲኑ ይቀንሳል።

10 ሰዓት፦ አንድ እፍኝ ለውዝ ከቆሎ ጋር፣ ግማሽ አቮካዶ ወይም ሙዝ። ከጁስ ቤት አቮካዶ ሲመጣልሽ ያለ ሽሮፕና ያለ ስኳር ይሁን።

ማታ 2 ሰዓት፦ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ እንጀራ። በሳምንት አንድ ሁለቴ በምስሩ ፋንታ ሥጋ ወይም ጉበት፣ በደንብ የበሰለ። ከጤና ጣቢያ የብረት ክኒን ተሰጥቶሽ ከሆነ አታቋርጪ።

መብራት በጠፋ ቀን ፍሪጁን አትክፈቺው፤ ተዘግቶ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የዚያን ዕለት ምሳ በሶ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤና ሙዝ ይሁን።

መጠጥ

ውሃ፣ ወተት፣ አጥሚት፣ ሾርባ ሁሉ ተደምሮ በቀን ከ2.5 እስከ 3 ሊትር። መቁጠሩ ካስቸገረሽ ልጁ ጡት በያዘ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ጠጪ። ሽንትሽ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ይበቃሻል። 5 ሊትር መጠጣት ወተት አይጨምርም፣ መጸዳጃ ቤት ያመላልስሻል እንጂ፤ ወተት የሚጨምረው ጡቱ ደጋግሞ ሲጠባና ሲጎድል ነው። ጠላና ጠጅም «ወተት ያመጣል» ተብለው ሲቀርቡልሽ እምቢ በዪ፤ አልኮል ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ የወተት መውረድንም ያዘገያል። ቡና በቀን ሁለት ስኒ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ርቆ፤ አቦሉን ጠጥተሽ ልጁ ማታ ቢነጫነጭ አንዱን ቀንሺ። ተልባ አንድ ማንኪያ በቂ ነው፣ ድርቀት ከያዘሽ በተለይ።

በርበሬ ልጁን ያሳምመዋል የሚባለው በአብዛኛው አይሆንም። ለአንቺ ቃር ካመጣብሽ ግን ከቅዳሜው ቁሌት ግማሹን በርበሬ ሳይገባበት አልጫ አስቀሪ።

ሮብና ዓርብ

የምታጠባ እናት ስለ ጦም ከነፍስ አባቷ ጋር መነጋገር ትችላለች፤ ቀድመሽ ጠይቂ። እጦማለሁ ካልሽ ወተቱንና እንቁላሉን በሰሊጥ፣ በለውዝና በሱፍ ፍትፍት ተኪ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳትበዪ ግን አትቆዪ። ረጅሙን ጦም ሙሉውን ከጦምሽ ከእንስሳት ምግብ ውጭ በበቂ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ይጎድላል፣ በወተቱም በኩል ልጁን ይነካዋልና ተጨማሪ ክኒን ስለመውሰድ ሐኪም አማክሪ።

ዕቅዱ እየሠራ መሆኑን የምታውቂው ከልጁ ነው። በ24 ሰዓት 6 ወይም ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ካረጠበ፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይም ክብደቱ እየወጣ ከሄደ ወተቱ ይበቃዋል። ዳይፐሩ ከ6 ካነሰ፣ ወይም አንቺ ስትነሺ የሚያዞርሽና ልብሽ በኃይል የሚመታ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።