የበጀት ማብራሪያ፦ በጎማና በማና ወረዳዎች የጀንፈል ቡና አደራረቅ ሙከራ

ለአንድ የምርት ዘመን የተጠየቀው ገንዘብ በጠቅላላው 419,790 ብር ሲሆን ለዚህ ዙር ድጋፍ ከተፈቀደው የ420,000 ብር ጣሪያ አያልፍም። ዋናው ተመራማሪና ተባባሪው ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ከዚህ ድጋፍ ደመወዝም የሥራ ማበረታቻም አልጠየቁም። መኪናውንና ሹፌሩን የዩኒቨርሲቲው ኮሌጃችን ይሰጣል።

የማድረቂያ አልጋ (92,400 ብር)። ሙከራው በ12 አርሶ አደሮች ግቢ ይካሄዳል፤ በየወረዳው ስድስት። እያንዳንዳቸው እሸቱን በሦስት መንገድ ያደርቃሉ፦ እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ፣ አልጋ ላይ በ3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ አልጋ ላይ በ6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ስለዚህ 24 አልጋ ያስፈልጋል። ባለ 2 በ1 ሜትር አልጋ አንዱ፣ የባህር ዛፍ አጣናው፣ የወንፊት ሽቦው፣ ምስማሩና የአናጺው ዋጋ ተደምሮ 3,200 ብር ይወጣበታል፤ ለሌሊት ጤዛና ለድንገተኛ ዝናብ መሸፈኛ የሚሆነው ሸራ ደግሞ በየአልጋው 650 ብር ነው። በሽቦ ፈንታ የቀርከሃ ርብራብ ብንጠቀም ዋጋው ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን የርብራቡ ክፍተት ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ ከሥር የሚገባው አየር እኩል አይሆንም፣ ንጽጽሩም ይበላሻል። ሙከራው ሲያልቅ አልጋዎቹ ለባለቤቶቹ ይቀራሉ።

መለኪያዎች (76,000 ብር)። በጀታችን ውስጥ ጥያቄ ያስነሳል ብለን የምንጠብቀው የ58,000 ብሩ የእርጥበት መለኪያ ነው። አርሶ አደሩ ጀንፈሉ መድረቁን የሚያውቀው በእፍኙ ይዞ ነቅንቆ፣ ፍሬው ከገለባው ውስጥ ሲንኳኳ ሰምቶ ነው። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። እኛ ግን ቡናው ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እርጥበት የወረደበትን ቀን በቁጥር ማስፈር አለብን፤ ያለዚያ የሁለቱ ውፍረቶች ልዩነት የአስተያየት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ኮሌጁ መለኪያ አለው፤ በለቀማ ወቅት ግን ለተማሪዎች ምርምር ስለሚያዝ ከላቦራቶሪ አይወጣም። ናሙናውን ቋጥሮ ጅማ ድረስ ማምጣትም በመንገድ ላይ እርጥበቱን ይለውጠዋል። የሚገዛው በእጅ የሚያዝ አንድ መለኪያ ነው፤ በኋላ በኮሌጁ ንብረትነት ይመዘገባል። በየወረዳው አንዳንድ የሙቀትና የአየር እርጥበት መመዝገቢያ ይቀመጣል፤ ሁለቱ በ9,000 ብር ሂሳብ 18,000 ብር ናቸው።

የሰው ኃይል (56,000 ብር)። ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ለአራት ወር፣ በወር 7,000 ብር። ከየወረዳው ነዋሪዎች የሚመረጡ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩና በየማለዳው ግቢ ለግቢ መዞር የሚችሉ ይሆናሉ። ከከተማ ሰው ብንመድብ ከደመወዙ ይልቅ ትራንስፖርቱ ይበልጥ ነበር።

ጉዞ (85,200 ብር)። የጎማዋ ከተማ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ማና በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ሁለቱንም ወረዳ በአንድ ቀን እንጎበኛለን። የገጠሩን መንገድ ጨምሮ በአንድ ጉዞ 150 ኪሎ ሜትር፣ በ16 ሳምንት 2,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናው በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 300 ሊትር ናፍጣ፣ በሊትር 140 ብር ታስቦ 42,000 ብር ያስፈልጋል። የሁለት ተመራማሪዎችና የሹፌር ውሎ አበል በቀን 900 ብር ለ16 ቀን 43,200 ብር ነው።

ናሙናና ቅምሻ (61,200 ብር)። 36 መደቦች በሁለት የለቀማ ዙር 72 ናሙና ይሰጣሉ። ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ ጀንፈል በ250 ብር እንገዛለን፤ ሲፈለፈል ግማሽ ኪሎ ገደማ ጥሬ ቡና ስለሚወጣው ለቆላና ለቅምሻ ይበቃል። የቀረው ቡና የአርሶ አደሩ ነው። ለቅምሻ በናሙና 600 ብር ተይዟል፤ ይህም የሦስት ቀማሾችን ክፍያና የመቁያውን ወጪ ይሸፍናል። ቀማሾቹ የትኛው ቡና ከአልጋ፣ የትኛው ከመሬት እንደመጣ አይነገራቸውም።

የመስክ ቀንና የጽሕፈት መሣሪያ (29,000 ብር)። በየወረዳው አንድ የመስክ ቀን፣ በእያንዳንዱ 30 ሰው፣ ለምግብና ለመጓጓዣ በሰው 350 ብር፤ ሁለቱ 21,000 ብር ይሆናሉ። ለወረቀት ቅጽ፣ ለናሙና ከረጢትና ለኅትመት 8,000 ብር። ታብሌት መግዛት አስበን ትተነዋል፤ ለ12 ግቢ መዝገብና እስክሪብቶ ይበቃል።

መጠባበቂያ (19,990 ብር)። ከላይ የተዘረዘረው 399,800 ብር 5 በመቶ ነው። ከዋጋ ንረት በፊት ቅድሚያ የሚሰጠው ለአንድ ጉዳይ ነው፦ በ6 ሴንቲ ሜትር የተሰጣው ቡና ሻግቶ ወይም ኮምጥጦ ዋጋው ቢወርድ፣ ጉዳቱ ለሙከራ ሲባል በእኛ የመጣ ነውና በባለቤቱ ላይ ልንጥለው አይገባም። በዕለቱ የአካባቢ ገበያ ዋጋ ልዩነቱን አስልተን፣ የልማት ሠራተኛው ባለበት በፊርማ እንከፍላለን። ክፍያ የሚጠይቅ ካልተገኘ ገንዘቡ ለሰጪው ተመላሽ ይሆናል።