ከትዕዛዝ እስከ ገንዘብ መሰብሰብ፦ የተጠቃሚዎች መፈተኛ ስክሪፕት

አዲሱ ሲስተም ሐምሌ 1 ሥራ ይጀምራል። ፈታኞቹ የሽያጭ፣ የቃሊቲ መጋዘን እና የፋይናንስ ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም በየራሱ መግቢያ ይግባ፤ በአድሚን መግቢያ የተሠራ ፈተና አይቆጠርም። ሲስተሙን የገጠሙት ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ይዩ እንጂ ኪቦርድ አይንኩ።

የሙከራ ደንበኛው ሐዋሳ ያለ ቀለም አከፋፋይ ኃ/የተ/የግ/ማ ነው። የዱቤ ጣሪያው 400,000 ብር፣ ያልከፈለው የቆየ ዕዳ 100,000 ብር። መጋዘን ውስጥ 120 ባልዲ ብቻ ይኑር።

ፈተና 1፦ ትዕዛዝ (ሽያጭ)
200 ባልዲ በ1,500 ብር አስገቡ። ከ15% ቫት ጋር 345,000 ብር ይመጣል። ከቆየው ዕዳ ጋር 445,000 ስለሚሆን ሲስተሙ ትዕዛዙን ማገድ አለበት። የሽያጭ ሠራተኛው ራሱ እገዳውን ለማንሳት ይሞክር፤ ከቻለ ፈተናው ወድቋል። ከዚያ የፋይናንስ ኃላፊው ያጽድቅ።

ፈተና 2፦ ከፊል ርክክብ (መጋዘን፣ ከዚያ ፋይናንስ)
ስቶር ኪፐሩ መጀመሪያ 200 ባልዲ ወጪ ለማድረግ ይሞክር። ሲስተሙ እምቢ ይበል። ቀጥሎ 120 ያውጣ። ኢንቮይሱ ለወጣው ዕቃ ብቻ ይሆናል፦ 180,000 ሲደመር ቫት 27,000፣ በድምሩ 207,000 ብር። 80 ባልዲ በቀሪ ትዕዛዝነት ይታይ። ኢንቮይሱ በ345,000 ከወጣ እዚሁ አቁሙና ስክሪንሹት ላኩ፤ ላልሰጠነው ዕቃ ቫት ልንከፍል ነው ማለት ነው።

ፈተና 3፦ ክፍያ ከተቀናሽ ግብር ጋር (ፋይናንስ)
እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ደንበኛው 3% ቀንሶ 201,600 ብር በባንክ ያስገባል፤ ለ5,400 ብሩ የተቀናሽ ደረሰኝ ይሰጠናል። ሁለቱንም መዝግቡ። የሚጠበቀው፦ ባንክ 201,600፣ ተሰብሳቢ ተቀናሽ ግብር 5,400፣ የኢንቮይሱ ቀሪ ዜሮ። ተቀናሹ 6,210 ከመጣ ሲስተሙ ቫቱንም ጨምሮ አስልቷል፤ ወድቋል። 5,400ው የደንበኛው ዕዳ ሆኖ ከቀረም ወድቋል። ከዚያ የደረሰኙን ቁጥር ሳታስገቡ ድገሙት፤ መዝገቡ መዘጋት የለበትም።

ፈተና 4፦ ተመላሽ
10 ባልዲ አፍስሶ ተመለሰ። የተመላሽ ሰነዱ 17,250 ብር ይሁን። ዕቃው ወደ ተበላሸ ክምችት ይግባ እንጂ ለሽያጭ አይታይ። የደንበኛው ዕዳ 82,750 ላይ ይቁም።

ፈተና 5፦ ቀሪው 80
አዲስ ዕቃ ገቢ አድርጋችሁ ቀሪውን አውጡ። ኢንቮይሱ 138,000፣ ጠቅላላ ዕዳው 220,750 ብር። ከጣሪያው በታች ስለሆነ ያለማጽደቅ ይለፍ።

በእያንዳንዱ ፈተና ስም፣ ቀን፣ የሰነድ ቁጥርና "አልፏል" ወይም "ወድቋል" ይጻፍ። "በአብዛኛው ይሠራል" የሚባል መልስ የለም። ፈተና 2 ወይም 3 ከወደቀ ሐምሌ 1 አንጀምርም። የሌሎቹ ስህተት ለጊዜው በእጅ የሚሸፈን ከሆነ የፋይናንስ ኃላፊው ፈርሞ ሊያሳልፈው ይችላል።